ለጎማ የሚቆም አውቶቡስ ለስኳር ለምን አይቆምም?

አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎማው ሲተነፍስ ይቆማል። ራዲያተሩ ሲፈላ ይቆማል። ኬላ ላይ ይቆማል፣ ናፍጣ ለመቅዳት ይቆማል፣ ረዳቱ መንገድ ዳር ከሰል ሊገዛ ሲያምረውም ይቆማል። ተሳፋሪው ትንሽ ያጉረመርምና ይተወዋል። ያው ሹፌር «ስኳር አለብኝ፣ ጣቴን ወግቼ ልለካ አሥር ደቂቃ ልቁም» ቢል ግን ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። «በሽተኛ ነው እንዴ የሚነዳን?» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ይነሳል። ወሬው ባለንብረቱ ጆሮ ይደርሳል። በሳምንቱ መሪውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ሹፌሩ ይህን ስለሚያውቅ አይናገርም። ስለማይናገር አይቆምም። ስለማይቆም አይለካም። አደጋው የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ስኳር ያለበት ሰው መኪና መንዳት ይችላል። ስኳሩን ሳይለካ ግን መንዳት የለበትም። መለካቱን ነውር አድርገን የምናስደብቀው እኛ ባለንብረቶች፣ ተራ አስከባሪዎችና ተሳፋሪዎች ደግሞ ለሚመጣው መዘዝ ድርሻ አለን።

🔹 አደገኛው የትኛው ስኳር ነው?

ብዙ ሰው «ስኳር ያለበት ሹፌር» ሲባል የሚታየው ከፍ ያለ ስኳር ነው። ከፍ ያለ ስኳር በዓመታት ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። በጣም ከናረ ደግሞ ያደክማል፣ እይታን ያደበዝዛል፣ በየሰዓቱ ሽንት ያስሮጣል። መሪ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውን የሚያጠፋው ግን የወረደ ስኳር ነው። አንጎል የሚሠራው ደም በየደቂቃው በሚያመጣለት ስኳር ነው፤ ለክፉ ቀን የሚሆን የረባ ጎተራ የለውም። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎድለው አንጎል ነው።

ስኳርን እንዲህ የሚያወርደው በአብዛኛው በሽታው ራሱ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። እኛ አገር በብዛት የሚታዘዘው ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ክኒንም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም ቆሽቱን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድደዋል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ እንዲህ የመውረዱ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ አንድን ሹፌር መጠየቅ ያለበት «ስኳር አለብህ ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «የምትወስደው ምንድን ነው? በስንት ሰዓት? ምን በላህ?» የሚለው ነው። መልሱን ራሱ ሹፌሩ የማያውቅ ከሆነ መድኃኒቱን ይዞ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። የመድኃኒቱን ባሕርይ ሳያውቁ መንዳት የፍሬኑን ሁኔታ ሳያውቁ ቁልቁለት እንደመውረድ ነው።

🔹 «ሲወርድብኝ ይሰማኛል» የምትሉ

ከሹፌሮች አፍ በብዛት የሚሰማው መከራከሪያ ይህ ነው። «ሰውነቴን አውቀዋለሁ፤ ሲያልበኝና እጄ ሲንቀጠቀጥ ከረሜላ እጎርሳለሁ፤ እስካሁን ምንም አልሆንኩም።»

ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታትና ድንገተኛ ረሃብ ለሁሉም ሰው ሁልጊዜ አይመጡም። በስኳር ብዙ ዓመት የቆየ ሰው፣ በተለይም ስኳሩ በተደጋጋሚ የሚወርድበት፣ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች እየደበዘዙበት ይሄዳሉ። ትናንት ማታ ስኳሩ ወርዶበት ከነበረ ዛሬ ማስጠንቀቂያው ሊዘገይ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስኳር ሲወርድ ቀድሞ የሚሄደው ማመዛዘን ነው። «ልቁም ወይስ ልቀጥል?» ብሎ የሚወስነው አንጎል ራሱ የተራበው አንጎል ነው። ሰውየው ይነጫነጫል፣ ይደናበራል፣ «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላል። ጠጪ ሰው «አልሰከርኩም» እንደሚለው ማለት ነው። ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ፍርዱ አይታመንም። ውሳኔው መሰጠት ያለበት አእምሮ ሙሉ ሳለ፣ ከመነሳት በፊት፣ በቁጥር ነው።

ሦስተኛው ጫት ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ለምን እንደሚቅም እናውቃለን፤ እንቅልፍ ለመከላከል ነው። ጫት ግን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ኢንሱሊኑ ወይም ግሊቤንክላሚዱ ሰውነት ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ሹፌሩ ምሳ አይበላም። ጫት ራሱ ልብን ያስመታል፣ ያስልባል። ስለዚህ የስኳሩ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሹፌሩ «ምርቃናው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ረሃቡም ምልክቱም በአንድ ቅጠል ይሸፈናሉ።

🔹 ቁጥሩ 90 ነው

የእንግሊዝ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ኢንሱሊን ለሚወስዱ አሽከርካሪዎች ያወጣው ሕግ ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ እሱን ልዋስ። በእኛ መለኪያ አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ ስኳርህ ከ90 በላይ ከሆነ መንዳት ትችላለህ። በ72 እና በ90 መካከል ከሆነ መጀመሪያ ብላ። ከ72 በታች ከሆነ አትንዳ። ከመነሳትህ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ለካ፤ መንገድ ላይ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ለካ።

«70 ደኅና ነው አልተባልንም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው 75 ላያስጨንቅ ይችላል፤ ቢወርድበት ወጥ ቤቱ ቅርብ ነው። ስልሳ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን ከ75 እስከ አደጋው ያለው ርቀት አጭር ነው። 90 የተባለው ይህን ክፍተት ለማስፋት ነው።

ቁጥሩ ብቻውንም አይበቃም፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ መታወቅ አለበት። አንድ ጉዞ በምሳሌ እንየው።

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል እንበል። ሹፌሩ ጠዋትና ማታ ደፍረስ የሚለውን ኤን ፒ ኤች ኢንሱሊን ይወጋል። 11፡30 ላይ ሲለካ 104 አገኘ። ጥሩ ቁጥር ነው። የተለመደ መጠኑን ተወጋ። ዘግይቷልና ሁልጊዜ የሚበላውን ሙሉ ቁርስ ትቶ ስኳር የሌለው ሻይና ግማሽ ዳቦ ቀማመሰና ወጣ።

አሁን አስቡት። ኤን ፒ ኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጉት ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ኢንሱሊኑ የተለካው ለሙሉ ቁርስ ነው፤ የገባው ግን ግማሽ ዳቦ ነው። ቁጥሩ 104 ቢሆንም ወደ ታች እየሄደ ያለ 104 ነው። ይህ ሹፌር ሳይለካ ከቀጠለ ከጠዋቱ 3፡30 ገደማ፣ ኢንሱሊኑ መበርታት ሲጀምር፣ አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ የሁለት ሰከንድ መደናገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። አደጋ ቢደርስ በማግስቱ የምንሰማው «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ወይም «አንቀላፍቶ ነው» የሚለውን ነው። የሹፌሩን ስኳር የለካ ሰው ስለሌለ ምክንያቱ ከሰውየው ጋር ይቀበራል።

ይኸው ሹፌር በደንቡ ቢሄድስ? ሁለት ሰዓት ገደማ ነድቶ ደብረ ብርሃን ላይ ይቆማል። እጁን ይታጠባል። (ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ሙዝ ወይም ማንጎ የነካ ጣት ላይ የቀረ ስኳር ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል።) ሲለካ 76 ይላል። ምንም አልተሰማውም፤ አላላበውም፣ አልተንቀጠቀጠም። «ይሰማኛል» የሚለው ሹፌር ይህችን 76 ሳያያት ያልፋል። የእኛው ሹፌር ግን ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጣል፣ እንቁላል በዳቦ ይበላል። ለስላሳው ቁጥሩን አሁን ያነሳዋል፤ ዳቦው እየመጣ ያለውን የኢንሱሊን ጉልበት ይቀበለዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲለካ 98 ሆኗል። ይነሳል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ይለካል። የጠፋው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጎማ መቀየር ከዚህ በላይ ይፈጃል።

ያለውን ከባድ ችግርም አልሸሽግም። ስትሪፕ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። ለዚህ ነው ጉዳዩን የሹፌሩ ብቻ አድርገን መተው የሌለብን። ለአንድ የአውቶቡስ ጎማ የሚከፍል ባለንብረት ለአንድ ካርቶን ስትሪፕ መክፈል አያቅተውም። ስትሪፑ ሲገዛም የሚቀመጠው ዳሽቦርድ ላይ አይደለም። ፀሐይ የመታው ስትሪፕ ይዋሻል፤ ኢንሱሊንም በሙቀት ይበላሻል። ወደ አፋር የምትወርዱ ደግሞ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

🔹 መንገድ ላይ ከወረደብህ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብዥታ፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ ያለ ምክንያት መናደድ፣ ማርሽ መሳሳት፣ ያለፍከውን ከተማ አለማስታወስ፤ ከእነዚህ አንዱ ከተሰማህ «የሚቀጥለው ከተማ ደርሼ» አትበል። ፍጥነትህን ቀንስ፣ ፍሬቻ አብራ፣ ከአስፋልቱ ወጥተህ ቁም። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ከመሪው ተነስተህ ጋቢና ተቀመጥ። ከመሪው መነሳት ትርፍ ነገር አይምሰልህ፤ የተራበ አንጎል መሪ ፊት ከተቀመጠ ሞተር አስነስቶ መሄድ ያምረዋል።

ከዚያ ለካ። መለኪያ ከሌለህ ወርዷል ብለህ ቁጠረው። መውሰድ ያለብህ ፈጣን ስኳር ነው፤ መጠኑ 15 ግራም ገደማ። ይህም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም የተለመደው ትንሽ የለስላሳ ጠርሙስ ግማሽ ማለት ነው። «ዜሮ» ወይም «ዳየት» የሚባለው ለስላሳ ስኳር የለውምና ለዚህ አይረባም። አምቦ ውኃም አይረባም። ዳቦ፣ ቆሎና ቸኮሌት ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ለመጀመሪያው ደቂቃ አይደርሱም። ሩብ ሰዓት ጠብቀህ ለካ፤ ካልተነሳ ያንኑ ድገም። ሲነሳ ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ምግብ ብላ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። ቁጥሩ 100 ሆነ ማለት አንጎል ተመለሰ ማለት አይደለም። ደም ቀድሞ ይድናል፤ አእምሮ ቆይቶ ይከተላል። የእንግሊዙ ሕግ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ 45 ደቂቃ ሳይሞላ መንዳት የለም የሚለው ለዚህ ነው። ስኳሩን ያወረደው ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ደግሞ ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊያወርደው ይችላል። ያን ቀን መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ ሌላ ምርጫ የለም።

ለረዳቶችና ለተሳፋሪዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ሹፌሩ በብርድ ካላበው፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ወይም የማይገናኝ መልስ ከሰጠ፣ መኪናው ወደ ዳር ወይም ወደ ግራ መንሸራተት ከጀመረ በጨዋ ቃል ግን በቁርጥ አስቁሙት። መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙትና በፍጥነት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት፤ እዚያ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይሰጡታል። «ስኳር አለበት» ሲባል ሰምቶ ኢንሱሊን ልውጋው የሚል ደግ ሰው ከተነሳ አስቁሙት። ያ የሚነድ ቤት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው።

🔹 «ታዲያ ለምን አይከለከሉም?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ይህን ያህል አደጋ ካለው ስኳር ያለበት ሰው የሕዝብ ማመላለሻ አይንዳ፤ አለቀ» የሚል። ሰሚው ለሕዝብ ያሰበ ይመስለዋል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። እገዳ ቢወጣ ስኳር ያለባቸው ሹፌሮች መንዳት አያቆሙም፤ መታከም ያቆማሉ። ልጅ የሚያሳድጉበት እንጀራ ነውና ካርዳቸውን ይደብቃሉ፣ መለኪያቸውን ቤት ይተዋሉ። አንዳንዱም እንዳይወርድበት ሲል መድኃኒቱን ዘሎ ስኳሩን ከፍ አድርጎ ይነዳል። ዛሬ መንገድ ላይ ይተርፍና ከዓመታት በኋላ ዓይኑን ይከፍላል። ዓይኑ እየደከመ መንዳቱን ሲቀጥል ደግሞ አደጋው ተመልሶ ወደ እኛው ይመጣል።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ሞክረው ትተውታል። እንግሊዝ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች የጭነት መኪናና አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ እንዲጠይቁ ከ2011 ጀምሮ በሯን ከፍታለች። አሜሪካም በ2018 ደንቧን ቀይራ ኢንሱሊን የሚወስድ የከባድ መኪና ሹፌር በሚያክመው ባለሙያ ምስክርነት እንዲነዳ ፈቅዳለች። እዚያ በጭነት መኪና የምትተዳደሩ ወገኖቻችን እንደምታውቁት፣ ሙሉውን ፈቃድ ለማግኘት የሚጠየቀው ቢያንስ የሦስት ወር የስኳር ልኬት መዝገብ ነው። ልብ በሉ፤ እዚያ የስኳር መዝገብ ሥራ ያስገኛል። እዚህ ግን ሥራ ያሳጣል። እዚያ ሹፌሩ መዝገቡን አውጥቶ ያሳያል፤ እዚህ ይቀድደዋል። ታዲያ የትኛው ተሳፋሪ ነው በሰላም የሚተኛው?

እኛ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ላይ ያለውን የጤና ምርመራ አምነን እንቀመጣለን። ያ ወረቀት የተመረመረበትን ቀን ይናገራል እንጂ የዛሬ ጠዋትን ስኳር አያውቅም። ስኳር በሰዓት የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ የሚጠብቀውም በሰዓት የሚደረግ ልኬት ብቻ ነው።

🔹 ስለዚህ

ባለንብረቶችና ማኅበራት፦ «ስኳር አለብኝ» ብሎ የነገራችሁን ሹፌር አታባርሩ። ካላችሁ ሹፌሮች ሁሉ ሁኔታውን የምታውቁት እሱን ብቻ ነው፤ የሚያሰጋው ያልነገራችሁ ነው። በየሁለት ሰዓቱ አሥር ደቂቃ በጉዞ ሰዓቱ ውስጥ አስቡለት፤ መለኪያና ስትሪፕ እንደ መለዋወጫ ጎማ ከመኪናው ጋር ይሂድ። በምላሹም ልኬቱን በደብተር እንዲጽፍ ጠይቁት። ያልለካ ቀን አይነሳ።

መናኸሪያ ላይ ያላችሁ ተራ አስከባሪዎች፦ «ተራህ ደርሷል፣ ውጣ!» ስትሉት ቁርሱን ጥሎ የሚሮጠው ሰው ምን ተወግቶ እንደሚሮጥ አታውቁም። ቁርሱን ይጨርስ።

ትራፊክ ፖሊሶች፦ የሚንገዳገድ፣ የሚያልበውና የሚለፈልፍ ሹፌር ስታገኙ ትንፋሹ አልኮል ካልሸተተ ኪሱን እዩ፣ የስኳር ካርድ ይኖረው ይሆናል። ጣቢያ ከመውሰዳችሁ በፊት ጣፋጭ ስጡት። ሰክሮ ከነበረ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ የሚጎዳው ነገር የለም። ስኳሩ ወርዶ ከነበረ ግን ሕይወቱን ታተርፋላችሁ።

ስኳር ያለባችሁ ሹፌሮች፦ ካርዳችሁን ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር አንድ ላይ ያዙ። ለረዳታችሁ ንገሩት፤ ስኳሩ የት እንደተቀመጠም አሳዩት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ እየወሰዳችሁ መጾም ካሰባችሁ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይችላል። በራሳችሁ ግን አትቀይሩ። ከ90 በታች ደግሞ ቁልፍ አትንኩ።

እኛ ተሳፋሪዎች ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ ሹፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ ጣቱን ሲወጋ ብናየው «ለምን ቆምን?» አንበል። ከስልሳችን በፊት የራሱን ደም ያየ ሹፌር ነው የሚነዳን።

ሹፌር ዘመድ ላለው ሁሉ አድርሱልኝ። መልካም መንገድ።